የባንድ ስም፦ «ቅኝት»፣ «ገና» ወይስ «አራት ኪሎ»?

ባለቤዝ
ሰላም ቤተሰብ። አራት ጓደኛሞች ነን፤ ቤዝ፣ ጊታር፣ ድራምና ማሲንቆ። ሁላችንም አራት ኪሎና ፒያሳ ነው ያደግነው። በሚቀጥለው ወር ስታዲየም አካባቢ የመጀመሪያ ሥራችንን ልንጫወት ነው። ፖስተር ሠሪው «ስም አምጡ» ብሎ ይዞናል። ሦስት ስም ቀርቶናል፦ «ቅኝት»፣ «ገና» እና «አራት ኪሎ»። ሲጠራ የሚገባ፣ ፖስተር ላይ የሚነበብ፣ ለኢንስታግራምና ለቴሌግራም የሚያጥር የቱ ነው?

የሚክሰሩ ልጅ
«ቅኝት» ስሙ ያምራል፤ ፍለጋ ላይ ግን ይገድላችኋል። አሁን እዚሁ ስቱዲዮ ላሉ አምስት ሰዎች ጮክ ብዬ ተናገርኩና በላቲን ጻፉት አልኳቸው። ያመጡልኝ ይኸው፦ qignit፣ kignit፣ kinit፣ qegnit፣ kenyit። አምስት ሰው፣ አምስት ዓይነት። «ቅ»ን አንዱ በ q ሌላው በ k ይጽፈዋል። ሳድሱ ላይ አንዱ i ሌላው e ያስገባል። «ኝ» ደግሞ ለብቻዋ ሦስት መልክ አላት። መድረክ ላይ ሰምቷችሁ ታክሲ ውስጥ ስልኩን የሚያወጣ ሰው እንዴት ያግኛችሁ?

«ገና» ችግሩ ሌላ ነው። እናንተ አላልታችሁ «ገና ነን» ማለታችሁ ይሆናል። ፖስተሩ ግን ማጥበቅና ማላላት አያሳይም፤ ሰው በዓሉን ነው የሚያነበው። ታኅሣሥ ላይ ከለጠፋችሁትማ አለቀ። gena ደግሞ አራት ፊደል ነው፤ ቴሌግራም ከአምስት በታች አይቀበልም። ኤክስ ከ15 በላይ አይቀበልም። ኢንስታግራም ነጥብ ይፈቅዳል፣ ቴሌግራም አይፈቅድም። ስለዚህ ከ5 እስከ 15 ፊደል፣ ነጥብ የሌለው ስም ፈልጉና ሁሉም ቦታ ላይ አንድ አድርጉት።

ቀለምና ብሩሽ
እኔ ፖስተር ነው የምሠራው። «አራት ኪሎ»ን ተዉት። «አራት ኪሎ፣ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት፣ ስታዲየም» ብላችሁ ስትለጥፉ ሰው የትኛው ቦታ ነው ይላል። በሰፈር ስም ለተጠራ ቡድን አንዴ ሠርቼ ግማሹ ተመልካች ሰፈሩ ሄዶ ጠብቋል፤ ስድቡ ለእኔ ደረሰኝ።

«ቅኝት»ም ሦስቱም ሳድስ ነው። ከሩቅ «ቅ» እና «ቀ» የምትለየው ትንሽ ምልክት ትጠፋለች። ስሙን በደማቅ ፊደል ጻፉና ስልክ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሱት። ፖስተራችሁን አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳ ላይ ሳይሆን ቴሌግራም ላይ ነው። ያኔ ካልተነበበ አይሆንም።

ሜክሲኮ ቡቲክ
እኔ ቡቲኬን ስከፍት ስሙን ንግድ ቢሮ አስመዘገብኩ፣ ተገላገልኩ። እናንተም ቶሎ አስመዝግቡ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካችሁም።

የሚክሰሩ ልጅ
እህቴ፣ ማስመዝገቡ ጥሩ ነው። ግን የንግድ ስምና የንግድ ምልክት ይለያያሉ። ምልክቱ የሚመዘገበው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ ጥበቃው 7 ዓመት ነው፣ ይታደሳል። ገና አንድ ሥራ ላልሠሩ ልጆች ግን መጀመሪያ ስሙ ይገኝላቸው።

ድሮና ዘንድሮ
ምን ያስጨንቃችኋል? አይቤክስ ባንድ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆኖ የለም እንዴ? ካልጣማችሁ ትቀይሩታላችሁ።

ቀለምና ብሩሽ
ጋሼ፣ ያኔ ሊንክ አልነበረማ። አሁን ዩዘርኔም ሲቀየር ቀድሞ የተበተነው ሊንክና የታተመው ፖስተር ሁሉ የትም አያደርስም።

ሽሮ ፈሰስ
«ጉልቻ» በሉት! ሦስት ፊደል፣ ጥርት ያለ።

ድሮና ዘንድሮ
ጉልቻ ሦስት ነው ልጄ፣ እነሱ አራት ናቸው።

ሽሮ ፈሰስ
አራተኛው ድስቱ ነዋ 😂

ባለቤዝ
ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ «ጉልቻ»ን ለአሥር ሰው በስልክ ሞከርነው። ዘጠኙ gulcha ብለው ጻፉ፣ አንዱ gulecha። ጥፍር አሳክለን አሳነስነው፣ ይነበባል። gulcha ስድስት ፊደል ነው፤ አንዱ ቦታ ላይ ተይዞ ካገኘነው gulchaband በሁሉም ላይ እንይዛለን፣ አሥር ፊደል።

የቸገረን ድራመራችን ነው። «ከመሃላችን አንድ ሰው የወጣ ቀን ሰው ሁሉ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ብሎ ይስቅብናል» ብሎ ሙጭጭ አለ። ማሲንቆው ደግሞ ለዚህ ሲል ነው የወደደው። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ድምፅ እንሰጣለን፤ ሁለት ለሁለት ከሆንን ምን እንደምናደርግ እንጃ።

የሚክሰሩ ልጅ
ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ዩዘርኔሙን ያዙት እንጂ! እዚህ በአደባባይ ጽፋችሁት።