ላይኩ 40 ሺህ ደረሰ፣ ኪራዩ ግን አልተከፈለም፤ ምን ላድርግ?

ሰላም እናንተ። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ዳቦና ኬክ ቤት አለችኝ። ከሁለት ወር በፊት የሠርግ ኬክ ላይ ክሬም ስቀባ ልጄ ቀርጻኝ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው፤ 40 ሺህ ላይክ አገኘ። እኔም "በቃ፣ ሰው ሊጎርፍልኝ ነው" ብዬ ጠዋት ጠዋት የምጋግረውን ዳቦ ትቼ ለቪዲዮ የሚያምር ኬክ ብቻ መሥራት ጀመርኩ።

ማን ይጎርፋል! ኮሜንቱን ቁጭ ብዬ ሳነበው ግማሹ ከጅዳና ከቤሩት ነው። "እጅሽ ይባረክ" ይሉኛል፣ እነሱም ይባረኩ፣ ግን እዚያ ሆነው ኬክ አይገዙኝም።

ደብተሬን የገለጥኩት ኪራዩ ሲያጥረኝ ነው። የአንድ ኪሎ ኬክ 1,200 ብር እሸጣለሁ፤ ዱቄቱ፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ ክሬሙና ካርቶኑ 850 ይበላል። የሚተርፈኝ 350 ነው። ኪራዬ 35 ሺህ ስለሆነ ለእሱ ብቻ 100 ኬክ መሸጥ አለብኝ። ባለፈው ወር የሸጥኩት 62 ነው። አምስት ደግሞ ያለ ቀብድ ተቀብዬ፣ ያዘዘው ሳይመጣ ፍሪጅ ውስጥ ክሬማቸው ተሰነጣጥቆ ቀረ። ዳቦ የሚገዙኝ ጎረቤቶችም ማዶ ካለው ሱቅ ለምደዋል።

አከራዬ እስከ ወሩ መጨረሻ ታግሰውኛል። ግማሽ ቀብድ ብጠይቅ ደንበኛ ይሸሸኛል? ዳቦውን ብመልሰውስ የሄዱትን ጎረቤቶች በምን ልጥራቸው? የደረሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።