«ኮስት ድራይቨር»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ዳሞት፦ ሰላም ለቤቱ። ደብረ ማርቆስ ላለ አንድ የልብስ ስፌት ማኅበር የወጪ ማስታወሻ በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። «ኮስት ፑል»ን፣ በአንድ ምክንያት የሚወጡ ወጪዎች የሚሰበሰቡበትን፣ «የወጪ ቋት» ብዬ አለፍኩት። «ኮስት ድራይቨር» ላይ ግን ቆምኩ። «ወጪ ነጂ» ብል ያስኬዳል?

ቡሬ፦ የሹፌር ወጪ ከሆነ አበሉንና ነዳጁን ለየብቻ ጻፈው። እኛ በቆሎ ወደ አዲስ አበባ ስንጭን እንደዚያ ነው የምናደርገው።

ዳሞት፦ ኧረ ሹፌር የለበትም 😄 ኦቨርሄድን፣ ማለትም ለአንድ ልብስ ብቻ ያልወጣውን የጋራ ወጪ፣ ለምርቶች ማከፋፈያ ነው።

ጣና ዳር፦ ለዚህማ ነጂ ምናምን አያስፈልግም። በሠራተኛ ሰዓት ታካፍለዋለህ፣ ብዙ ሰዓት የፈጀው ብዙ ይሸከማል፣ አለቀ።

ጮቄ፦ ጣና ዳር፣ ሁሉም ምርት በአንድ ዓይነት መንገድ የሚሠራ ቢሆን ልክ ነህ። ዳሞት፣ ቁጥር ካለህ አምጣው። ቃሉ ከሥራው ይወጣል።

ዳሞት፦ ሁለት ነገር ይሰፋሉ። የተማሪ ዩኒፎርም በዓመት 4,500፣ እያንዳንዱ 1 ሰዓት። ባለ ጥልፍ የመዘምራን ልብስ 250፣ እያንዳንዱ 2 ሰዓት። ኦቨርሄዱ 600,000 ብር።

ጣና ዳር፦ በቃ፣ ጠቅላላው 5,000 ሰዓት፣ ሰዓቱ 120 ብር። ዩኒፎርሙ 120፣ የመዘምራኑ 240 ይሸከማል።

ጮቄ፦ 600,000ው በምን ምክንያት እንደወጣ ግን አልጠየቅክም። ዳሞት?

ዳሞት፦ 300,000ው መብራትና የማሽን ጥገና ነው። 200,000ው ማሽን የሚያስተካክሉ ሰዎች ደመወዝ፦ ክር መቀየር፣ ንድፍ ማውጣት፣ መሞከር። 100,000ው ግዢ ክፍል።

ጮቄ፦ እንግዲህ ሦስት ቋት አለህ። የመጀመሪያው ማሽኑ በሠራ ቁጥር ስለሚጨምር በማሽን ሰዓት ይሂድ፣ እሱ ላይ ከጣና ዳር ብዙም አልለይም። ሁለተኛው ግን ልብስ ስለበዛ አይበዛም፣ ሥራ በተቀየረ ቁጥር ነው የሚበዛው። ማሽኑ በዓመት ስንት ጊዜ ይስተካከላል?

ዳሞት፦ 40 ጊዜ። 10 ለዩኒፎርም፣ 30 ለመዘምራኑ። ግዢ ደግሞ 50 ትዕዛዝ፣ 20 እና 30። የማሽኑ ሰዓት ከሠራተኛው ሰዓት እኩል ነው።

ጮቄ፦ አንዱ ማስተካከያ 5,000 ብር፣ አንዱ የግዢ ትዕዛዝ 2,000፣ የማሽን ሰዓቱ 60። ዩኒፎርሙ ላይ 270,000፣ 50,000ና 40,000 ይወድቃል፣ ድምሩ 360,000 ነው። የመዘምራኑ ላይ 30,000፣ 150,000ና 60,000፣ ድምሩ 240,000። በልብስ ሲካፈል ዩኒፎርሙ 80፣ የመዘምራኑ 960 ብር። እስከ ዛሬ ዩኒፎርሙ የማይመለከተውን 40 ብር ሲከፍል ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ጣና ዳር፦ ከ240 ወደ 960?! ጨረታው ላይ ዩኒፎርም አስወድዶ መሸነፍ ማለት ነዋ።

ጮቄ፦ እሱ ነው ምልክቱ። ብዙ የምትሠራው ዕቃ ላይ በዋጋ እየተሸነፍክ፣ ጥቂት የምትሠራው ላይ ደንበኛ ሳይከራከር የሚገዛህ ከሆነ ቋቶችህን መርምር።

ባለጥልፏ፦ እኔ ባሕር ዳር ይኸንኑ ጥልፍ ነው የምሠራው። አንዱ ደብር 8 ልብስ ያዛል፣ ሌላው 6፣ ክሩ ሌላ ንድፉ ሌላ፣ ማሽኑን ሳስተካክል ግማሽ ቀን ይሄድና መስፋቱ ከዚያ ወዲያ ምንም አይደል። ግን ጋሼ ጮቄ፣ ጨርቁና ጉልበቱ ሳይቆጠር ገና 960 ልጨምርበት ብል ማን ይገዛኛል?

ጮቄ፦ እህቴ፣ በልብስ አታስከፍዪ። ከ960ው 600ው የማስተካከያ ነው፣ እሱም በአንድ ማስተካከያ 8 ልብስ ገደማ ብቻ ስለሚሠራ ነው። በአንድ ንድፍ 16 ቢያዙ ወደ 310 ይወርዳል። ማስተካከያውን በትዕዛዝ ለብቻው አስከፍዪ፣ ጥቂት የሚያዘው ያውቀዋል።

ዳሞት፦ ታዲያ ማኅበሩ የመዘምራኑን ቢተወው 240,000 ያተርፋል?

ጮቄ፦ አያተርፍም! አስተካካዮቹ ደመወዝተኛ ናቸው፣ ሥራው ቢቀር ይቀመጣሉ እንጂ ብሩ አይመለስም። ወይ ሌላ ሥራ ይሰጣቸው ወይ ቁጥራቸው ይቀነስ። ሌላም አለ። እነዚያው ሰዎች 50 ጊዜ ማስተካከል ከቻሉ ዋጋው 200,000 ለ50፣ ማለትም 4,000 ነው። የቀረው 40,000 ያልተሠራበት አቅም ተብሎ ለብቻው ይጻፍ እንጂ ልብስ ላይ አይጫን።

ጣና ዳር፦ ዘበኛውና የቤት ኪራዩስ? በምን ይነዳል?

ጮቄ፦ በምንም። አንድ ማካፈያ ፈልገህ ብትሰጠውም ግምት ነው። እኔ ከምርቱ ውጭ እተወዋለሁ፣ የማይስማሙኝ አሉ።

ባለጥልፏ፦ እኔም አንድ ልጨምር። የጥልፍ ማስተካከያና የዩኒፎርም ማስተካከያ እኩል 5,000 መሆኑ አልገባኝም። የዩኒፎርሙ ማስተካከያ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ጮቄ፦ እውነትሽን ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ ብዛቱን ትቶ የማስተካከያ ሰዓት መቁጠር ይሻላል። የመዘምራኑ ከ960ም ይበልጣል ማለት ነው። ዳሞት፣ ሰዓቱ ተመዝግቧል?

ዳሞት፦ አልተመዘገበም። ብዛቱን ራሱ ከሥራ ማዘዣ ነው የለቀምኩት። ቃሉንም ገና አልወሰንኩም፣ «ወጪ ነጂ» እያልኩ ልቀጥል ወይስ «የወጪ መነሻ»?

ቡሬ፦ «መነሻ» በለው። «ነጂ» ካልከው አበል ይጠይቅሃል።