አይኤስ-ኤልኤም፦ ገንዘብ ጨምሬ ገቢው አልነቃነቅ አለኝ

ሰላም፣ እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። ነገ ለጥናት ቡድናችን ሰሌዳ ላይ የማስረዳው እኔ ነኝ።

አይኤስ Y = 1200 − 40i፣ ኤልኤም M/P = 0.5Y − 20i ነው። ዋጋ አይለወጥም፣ P = 1። የገንዘብ አቅርቦቱ 400 ሲሆን ወለዱ 5 በመቶ፣ ገቢው 1000 ይወጣል። አቅርቦቱን 480 ሳደርገው ኤልኤም ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ወለዱ 3፣ ገቢው 1080 ይሆናል። ወለድ ሲረክስ ኢንቨስትመንት ይጨምራል፤ ይሄ ገብቶኛል።

የጨነቀኝ የጥሬ ገንዘብ ወጥመድ የሚሉት ነው። ፍላጎት ወድቆ አይኤስ Y = 800 − 40i ሆነ እንበል። በ400 ወለዱ ዜሮ፣ ገቢው 800 ነው። በ480 ስሰራው ግን ወለዱ −2፣ ገቢው 880 ይወጣል። ወለድ ከዜሮ አይወርድም ከተባለ ይሄ መልስ አያስኬድም።

ስለዚህ ኤልኤምን ዜሮ ላይ አግድም አሰመርኩት። አግድሙ ክፍል መጀመሪያ 800 ላይ ያበቃ ነበር። አሁን እስከ 960 ተዘረጋ፤ አይኤስ ግን ያው 800 ላይ ነው የሚነካው። ስዕሉ ልክ ነው? ለግብይት የሚፈለገው 400 ብቻ ከሆነ፣ የቀረው 80 ቦንድ ሳይገዛበት ሰው እጅ ተቀመጠ ማለት ነው? መንግሥት ወጪውን ቢጨምርስ፣ ወለዱ ሳይነካ ገቢው ያድጋል?