«መልሱን ተወው» በቀረበት ጉዞ ጉርሻ እንዴት ይሰጥ?

ጠያቂ፦ ጅማ ውስጥ በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ ታክሲ ሥራ ቢጀምር፣ ጉዞው እንዳለቀ ዋጋው ከሂሳባችን በራሱ መቆረጥ አለበት ወይስ እንደ ባጃጁ በእጃችን እንክፈል? ጉርሻስ አብሮ ይቆረጥ? የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያታችሁን ጻፉልኝ።

የባጃጅ አሽከርካሪ፦ እኔ እቃወማለሁ። ከአጂፕ ወደ መርካቶ በኮንትራት የማደርሰው ሰው ሂሳቡ ሰማንያ አምስት ብር ሲሆን አንድ መቶ ብር ይሰጠኝና፣ ኪሴን መፈተሽ ስጀምር «ተወው፣ መልሱን ያዘው» ብሎኝ ይወርዳል። ከዚህ የማገኘው አሥርና አሥራ አምስት ብር ተጠራቅሞ የምሳዬ ገንዘብ ነው። ዋጋው በራሱ ከተቆረጠ ግን ሰማንያ አምስቱ ብር ሳይጨምር ሳይቀንስ ይተላለፋል፤ መልስ የሚባል ነገር ስለማይኖር «ተወው» የሚለኝም ሰው አይኖርም። ተሳፋሪው ንፉግ ስለሆነ ሳይሆን የሚሰጥበት ቅጽበት ስለጠፋ ብቻ ይቀርብኛል።

የባንክ ባለሙያ፦ የወንድሜ ስጋት ይገባኛል፤ እኔን ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ ተሳፋሪው ነው። አሜሪካ የምትኖር እህቴ ታክሲ በመተግበሪያ ስትጠራ ከካርዷ ሁለት ጊዜ እንደተቆረጠባት የሂሳብ መግለጫዋን አሳይታኛለች። ከጉርሻውም ድርጅቱ የራሱን ድርሻ እንደሚያነሳ ሰምቻለሁ። ስለዚህ በቴሌብር እንደምንከፍለው ተሳፋሪው እያንዳንዱን ክፍያ በሚስጥር ቁጥሩ ማጽደቅ አለበት፤ ማንም ከሂሳቤ እኔ ሳልፈቅድ እንዲወስድ አልፈልግም።

አሜሪካ ታክሲ የነዳ፦ እዚያ ለዓመታት በመተግበሪያ ታክሲ ነድቼ የተመለስኩ ነኝና እህትዎ ያየችው ምን ሊሆን እንደሚችል ልንገርዎት። ታክሲው ሲጠራ ድርጅቱ የሚገመተውን ዋጋ ካርዱ ላይ አስይዞ ሊያቆየው ይችላል፤ ይህ ካርዱ ገንዘብ እንዳለው ለማረጋገጥ እንጂ ገንዘቡን ለመውሰድ አይደለም። ግምቱ 240 ብር ነበረ እንበል። ተሳፋሪዋ መንገድ ላይ ፋርማሲ ጋ አቁምልኝ ስላለች የመጨረሻው ዋጋ 280 ብር ሆነ። 280 ብሩ ሲቆረጥ የተያዘው 240 ብር ይለቀቃል፤ ነገር ግን መለቀቁ በባንኩ በኩል የተወሰኑ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል፣ በዚያ መሐል መግለጫውን የከፈተ ሰው ሁለቱንም አያይዞ 520 ብር የተወሰደበት ይመስለዋል። ለመለየት ቀላል ነው፤ የተያዘው ገንዘብ «በሂደት ላይ» ተብሎ ይታይና በኋላ ከመግለጫው ይጠፋል። ሁለቱም ተጠናቀው ከቆዩ ግን አቤቱታ የሚገባው ያኔ ነው።

ጉርሻውን በተመለከተ የሰሙት ነገር በመተግበሪያ የሚጠራ ታክሲ የሚያቀርበውን የአሜሪካውን ድርጅት ኡበርን አይመለከትም። ኡበር ጉርሻን በመተግበሪያው መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ ተወዳዳሪው ሊፍት ከተመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ ይቀበል ነበር። ኡበር ከጉርሻ ኮሚሽን አይወስድም። ልዩነቱ ለአሽከርካሪው ምን ያህል እንደሆነ በዚያው ምሳሌ እንመልከተው። ኮሚሽኑን ለምሳሌ ያህል ከመቶ አሥራ አምስት ብናደርገው፣ ከ280 ብሩ 42 ብር ለድርጅቱ ይሄድና 238 ብር ለአሽከርካሪው ይቀራል። ተሳፋሪዋ 20 ብር ጉርሻ ለብቻ ብትጨምር በእጁ የሚገባው 258 ብር ነው። ጉርሻው ከዋጋው ጋር ተደባልቆ 300 ብር ሆኖ ቢቆረጥ ግን ኮሚሽኑ 45 ብር ይሆንና አሽከርካሪው የሚያገኘው 255 ብር ብቻ ነው። ሦስት ብር ትንሽ ይመስላል፤ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ለሚውል ሰው ግን ይደማመራል። ስለዚህ «ጉርሻ አብሮ ይቆረጥ» የሚለውን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ደረሰኙ ላይ ራሱን ችሎ በራሱ መስመር መቀመጥ አለበት።

የሰፈር ነዋሪ፦ እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ችግር አሽከርካሪዎች የባጃጅ ታሪፍ አለማክበራቸው ነው። ሦስት ሰው በሚጫንበት ወንበር አራተኛ እየጨመሩ ከሁሉም ሙሉ ሂሳብ ይቀበላሉ።

የባጃጅ አሽከርካሪ፦ እሱ ሌላ ክርክር ነው፣ ጌታዬ። እዚህ የተነሣው ለአንድ ሰው የተጠራ ታክሲ ሂሳብ በምን መንገድ ይከፈል የሚለው ነው።

ነርስ፦ እኔ የማውቀው የደረሰብኝን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ለስልጠና ሄጄ በአንድ ድርጅት መተግበሪያ ታክሲ ተሳፍሬ ነበር። ሆቴሌ በር ላይ ወርጄ ሻንጣዬን ከኋላ ሳወጣ አሽከርካሪው ጉዞውን «ጨርስ» ማለት ረስቶ ስልክ ሲያወራ ቆየ። ሲዘጋው የወጣው ሂሳብ ሲጠራ ከተገመተው በጣም በልጦ አገኘሁት። ገንዘቡ በእጄ ስለነበር ስልኩን አሳየሁት፤ እሱም ስህተቱን አምኖ የተገመተውን ብቻ ተቀበለ። በራሱ የሚቆረጥ ቢሆን ኖሮ ሂሳቡ ሄዶ ካለቀ በኋላ ነበር የማወቀው፤ ለማን ብዬ እከራከራለሁ? ለዚህ ነው እኔም የምፈራው።

አሜሪካ ታክሲ የነዳ፦ እህቴ ያነሣሽው ከሁሉም የከበደ ነገር ነው፤ እኔም ሙሉ መልስ የለኝም። በደቂቃና በርቀት የሚሰላ ዋጋ መቁጠር የሚያቆመው አሽከርካሪው ጉዞውን ሲዘጋ ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥም መኪናው ያለበት ቦታ ለጊዜው ስለማይመዘገብ የተጓዘው ርቀት ሊዛባ ይችላል። ደረሰኙ ላይ መነሻና መድረሻ ቦታው ከሰዓቱ ጋር ተጽፎ ከመጣ፣ የጉዞው ማብቂያ ሰዓት አንቺ ከወረድሽበት ጋር እንደማይገጥም ማየት ይቻላል፤ አቤቱታ ሲቀርብም ማስረጃው ያ ነው። ይሁን እንጂ ተመላሽ የሚያደርገው ድርጅቱ ነው፤ ፈጥኖ ካልመለሰ ተሳፋሪው ይጎዳል።

የባንክ ባለሙያ፦ ስለተያዘውና ስለተቆረጠው ገንዘብ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ፤ ያንን አደባልቄዋለሁ። ግን በእርስዎ ማብራሪያ መሠረት የነርሷ እህታችን ጉዳይ ሚስጥር ቁጥር ይጠየቅ ማለቴን ያጠናክረዋል። ተሳፋሪው ሂሳቡን አይቶ ካላጸደቀ አይቆረጥም።

አሜሪካ ታክሲ የነዳ፦ ከአሽከርካሪው ወገን ደግሞ ያዩት። ተሳፋሪው ከመኪናው ወርዶ ካላጸደቀ ሂሳቡ ሳይከፈል ይቀራል። በራሱ በሚቆረጥበት አሠራር ካርዱ ገንዘብ ባይኖረው ዕዳው በተሳፋሪው ላይ ይቆይና ሳይከፍል ሌላ ጉዞ መጥራት አይችልም። እኔ የምመርጠው ዋጋው በራሱ እንዲቆረጥ፣ ነገር ግን ከተገመተው በተወሰነ መጠን ከበለጠ ተሳፋሪው ሳያጸድቅ እንዳያልፍ ነው። መጠኑ ስንት ይሁን የሚለውን እናንተው ተነጋገሩበት።

የባጃጅ አሽከርካሪ፦ የእኔ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ሰዎች የሚተዉት መልስ በሌለበት ጊዜ በስልካቸው ጉርሻ ይሰጣሉ?

አሜሪካ ታክሲ የነዳ፦ እውነቱን ልንገርህ፣ ወንድሜ፤ አብዛኞቹ አይሰጡም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ 40 ሚሊዮን የኡበር ጉዞዎችን የተመለከተ ጥናት፣ ጉርሻ የተሰጠባቸው ጉዞዎች ከመቶ አሥራ ስድስት ያህል ብቻ መሆናቸውን፣ ከተሳፋሪዎችም ከመቶ ስድሳ የሚጠጉት አንድም ጊዜ እንዳልሰጡ አሳይቷል። እኔም ይህን በገቢዬ አይቸዋለሁ። ጥያቄው ተሳፋሪው ከወረደ በኋላ በስልኩ ይመጣለታል፤ እሱ ግን ያን ጊዜ ሐሳቡ ቤቱ በር ላይ ነው። ስለዚህ ፍርሃትህ ትክክል ነው። ሆኖም መተግበሪያው ዝግጁ የጉርሻ መጠኖችን አስቀድሞ ምልክት አድርጎ የተሳፋሪውን እጅ መጠምዘዝም አልደግፍም።

ነርስ፦ እንግዲያው ጉርሻውን ከመውረዴ በፊት፣ አሽከርካሪው እያየኝ ብጠየቅስ?

የባጃጅ አሽከርካሪ፦ እሱንስ አልወደውም። እያየሁት የሰጠኝ ሰው ወድዶ ይሁን አፍሮ አላውቅም፤ «መልሱን ተወው» ያለኝ ሰው ግን እጄ ኪሴ ውስጥ እያለ በራሱ ነው ያለኝ።