አማካዩ ከግማሽ በለጠ፤ ምዕራፉን እንለፈው?

ትዕግስት (ሂርማታ)፦ የ6ኛ ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ። 40 ልጆች ባለ 20 ጥያቄ የምርጫ ፈተና ተፈትነው አማካዩ 10.8 መጣ። አለቃዬ «ከግማሽ በላይ ነው፣ እለፊው» አሉኝ። ልለፍ ወይስ ልድገም?

በድሩ፦ እለፊ እንጂ! ዓመታዊ እቅዱ ማንንም አይጠብቅም። እኔ ሁልጊዜ በአማካይ ነው የምወስነው።

ጋሽ ከድር (ጅረን)፦ ሚዲያኑስ ስንት ነው?

ትዕግስት፦ 9 ነው ጋሼ። ስምንት ልጆች 18 እና ከዚያ በላይ አምጥተዋል፤ የእነሱ ብቻ ድምር 152 ነው።

ጋሽ ከድር፦ አየሽ፣ አማካዩን ወደ ላይ የጎተቱት እነሱ ናቸው። እነሱን ብታወጪ የቀሩት 32 ልጆች አማካይ 8.75 ነው። ግን ሚዲያኑም ቢሆን ምን እንደምትደግሚ አይነግርሽም። ወረቀቱን ሳትመልሺ፣ በየጥያቄው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የመረጡትን ለየብቻ ቁጠሪ።

የሦስት ልጆች እናት፦ ልጄ 7 አምጥቶ ደረጃው 31ኛ ተባለ። ይሄ ነገር ደረጃውን ያስተካክላል?

በድሩ፦ እናቴ፣ ስለ ደረጃ አይደለም የምናወራው። ለማንኛውም ቀላል ነው፦ ከ30 በመቶ በታች የተመለሰውን ጥያቄ ሁሉ መድገም።

ትዕግስት፦ ቆጠርኩ። ሦስት ጥያቄዎች ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ተራ ቁጥር 7፣ ½ + ⅓፣ 10 ልጆች ብቻ አገኙት፤ 22ቱ 2/5 መርጠዋል። ተራ ቁጥር 12፣ የመቶኛ ጥያቄ፣ 11 አገኙት፤ የቀሩት ሦስት ምርጫዎች 10፣ 9 እና 10 ደረሳቸው። ተራ ቁጥር 15ን ያገኙት ስድስት ናቸው። ከስምንቱ ጎበዞች ግን ሰባቱ አንድ ዓይነት «ስህተት» መርጠዋል።

ጋሽ ከድር፦ እንግዲህ ሦስቱም አንድ አይደሉም። 15ን አትድገሚ፤ መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን እይ። ጎበዞቹ ሁሉ አብረው ከሳቱ፣ ብዙ ጊዜ የሳተው ቁልፉ ወይ ጥያቄው ነው። 12ን በግምት ነው የሠሩት። በአራት ምርጫ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሞላ ክፍልም ከ40 ወደ 10 ያገኛል። ስለዚህ መቶኛን ከሥሩ ጀምሪ። 7 ላይ ግን ልጆቹ ሕግ አላቸው፤ ሕጉ ነው የተሳሳተው። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምረዋል። ያንኑ ትምህርት ብትደግሚላቸው ያንኑ ይሠሩልሻል። 2/5 ከ½ እንደሚያንስ በወረቀት አጥፈው ይዩ። «ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት አነሰ?» ብለሽ ጠይቂያቸው።

ጫልቱ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ እኔ ጋ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጅ ነው የሚቀመጠው። 22ቱ ተኮራርጀው ቢሆንስ?

ጋሽ ከድር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። 2/5 የመረጡት አንድ ጥግ ላይ ከተሰበሰቡ ጠርጥሪ። ክፍሉ ውስጥ ከተበተኑ ግን ስህተቱ የራሳቸው ነው። ለነገሩ አንድ ጥያቄ ብቻውን አያስተማምንም። ነገ ጠዋት ½ + ¼ን ያለ ምርጫ ስጫቸው፤ 2/6 የጻፈውን ታገኚዋለሽ።

በድሩ፦ ለዚህ ሁሉ ክፍለ ጊዜ ከየት ይመጣል? ስምንቱስ እስከዚያ ምን ይሥሩ?

ትዕግስት፦ እሱ ነው እኔንም የጨነቀኝ። መቶኛን ወደ ቅዳሜው ማጠናከሪያ ልገፋው አስቤያለሁ፤ ግን ቅዳሜ የሚመጡት እነዚያው ስምንቱ ናቸው።