የባጃጁን ጥያቄ ወደ አንድ ወገን ሳላዘነብል እንዴት ልጠይቅ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ኮሚቴው በነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ድምፅ አሰጥቶ ነበር። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ልጆቻችን በሰላም እንዲተኙና ሌባ እንዳይገባ፣ ባጃጅ ማታ ግቢ እንዳይገባ ይስማማሉ?» ምርጫው «አዎ» እና «አይ» ብቻ። ብዙው ሰው «አዎ» አለ። ሌባ ይግባ የሚል ማን አለ? ጥበቃው ባጃጅ መመለስ ሲጀምር ግን «አዎ» ያሉት ራሳቸው ጮኹ። ለካ «ማታ» ለአንዱ 2 ሰዓት፣ ለሌላው 5 ሰዓት ነው።

አሁን ጥያቄውን እንደ አዲስ እንዳዘጋጅ ለእኔ ተሰጠኝ። ምክንያቱን ከጥያቄው ውስጥ አወጣሁት፣ ሰዓቱን በቁጥር አስቀመጥኩ፦

«ባጃጅ ግቢ መግባቱን በተመለከተ የትኛውን ይመርጣሉ?»
ጭራሽ አይግባ
እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይግባ
እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይግባ
በማንኛውም ሰዓት ይግባ
ለእኔ ልዩነት የለውም

ቃላቱ ላይ ማንም ቅሬታ የለውም። ቆጠራው ግን አጣብቂኝ ውስጥ ከተተኝ። ከ100 ሰው ድምፁ በቅደም ተከተል 15፣ 20፣ 25፣ 35 እና 5 ቢሆን፣ «በማንኛውም ሰዓት» አንደኛ ይወጣል። ግን 60ው ገደብ ፈላጊ ነው፤ ድምፁ ሦስት ቦታ ስለተከፈለ ብቻ ተሸነፈ። መጀመሪያ «ገደብ ይኑር ወይስ አይኑር» ብዬ፣ ሰዓቱን በሌላ ቀን ልጠይቅ አልኩ። ግን በሁለተኛው ዙር የሚመልሰው ሰው ቁጥር እንዳያንስ ፈራሁ። ሌላው አማራጭ፣ ከጥብቁ ጀምሮ ድምፁን እየደመርኩ፣ ድምሩ ከግማሽ የሚያልፍበትን ሰዓት መውሰድ ነው። በዚህ ምሳሌ 4 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ይህን ግን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ካልነገርኳቸው «ቀመር ፈጠረብን» መባሌ አይቀርም።

የቆጠራውን ደንብ አስቀድሜ ጽፌ በአንድ ዙር ልጨርሰው ወይስ ለሁለት ልክፈለው?