ያልተሸጡ ቁጥሮች ያሉበትን ቶምቦላ በትክክል ለማውጣት

በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በሚገኝ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ አባል ነኝ። ለመማሪያ ክፍሎች የጣሪያ ቆርቆሮ መግዣ ከ0001 እስከ 1200 ቁጥር ያላቸው የቶምቦላ ቲኬቶችን አሳትመን 860 ሸጠናል፤ ሽልማቱ አንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ ሲሆን ዕጣው እሑድ በወላጆች ፊት ይወጣል።

ለልምምድ አራት ከረጢቶች አዘጋጅተን በመጀመሪያው 0 እና 1፣ በቀሩት ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው ኳሶች ከተትን። መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 7 ሲወጣ ግን 7ቱን ብቻ መልሰን ደግመን አወጣን፤ ይህም ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው፤ ምክንያቱም የዕድሉ ግማሽ ከ1000 በላይ ላሉት 200 ያህል ቲኬቶች ስለሚደርስ እያንዳንዳቸው ከሌሎቹ አምስት እጥፍ ያህል ዕድል ያገኛሉ። ያልተሸጠ ቁጥር ሲወጣ ቀጣዩ የተሸጠ ቁጥር ያሸንፍ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ከ0401 እስከ 0450 ያለው ጥራዝ ሳይሸጥ ስለተመለሰ የ0451 ባለቤት ብቻውን የ51 ቁጥሮችን ዕድል ይወስዳል።

አራቱንም ኳሶች መልሶ እንደ አዲስ ማውጣት ትክክል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ከኳሶቹ ሊወጡ ከሚችሉት 2000 ቁጥሮች የተሸጡት 860 ብቻ በመሆናቸው በተደጋጋሚ ልንደግም እንችላለን፣ ሕዝቡም አሸናፊ እየመረጥን እንዳይመስለው እሰጋለሁ። ጉርዶቹን በበርሜል ቀላቅለን እንዳናወጣ ደግሞ በሁለት ዓይነት ወረቀት ስለታተሙ በእጅ ይለያሉ።

የተሸጡትን 860 ቲኬቶች እኩል ዕድል ሰጥቶ፣ ሁሉም እያየ፣ ያለ ድግግሞሽ አንድ አሸናፊ የሚያወጣ ዘዴ የትኛው ነው?